ስልኬ ሪሴት ተደረገ፣ ባክአፕ የለኝም፤ የትኛው ቻት ይመለሳል?

አናጢው (ጠያቂ)

ፓተርኑን ረስቼው ስልኬ ተቆለፈብኝ። ለጥገና ስሰጠው ሠራተኛው ምንም ሳይጠይቀኝ ሪሴት አድርጎ ባዶ ስልክ መለሰልኝ። ይሄው 4 ቀኑ። ባክአፕ አድርጌ አላውቅም። ቴሌግራም ጭኜ ቁጥሬን ሳስገባ ሁሉም እንዳለ መጣ። ዋትስአፕን ግን ገና አልጫንኩትም። የጨነቀኝም እሱ ነው፤ አንድ ደንበኛ የቁምሳጥን ልኬት የላከልኝ እዛ ላይ ነበር፣ አሁን ደግሞ «እኔ እንዲህ አላልኩም» እያለኝ ነው። ይመለሳል ወይስ አበቃ?

ሰላም በየቤቱ

ምን ያስጨንቅሃል ወንድሜ፣ ቴሌግራሙ ከመጣ እሱም ይመጣል። ጫነውና ቁጥርህን አስገባ። እኔ ስልክ ስቀይር ሁሉንም ነው ያገኘሁት።

ሌሊት ወፍ

ቆይ ቆይ፣ እንዳትጭነው! መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ፤ ዋትስአፕህን ኮምፒውተር ላይ ከፍተኸው ታውቃለህ?

@ሰላም በየቤቱ፣ አንቺ ያገኘሽው ጉግል ላይ ባክአፕ ስለነበረሽ ነው፣ ሳታውቂው በርቶ ይሆናል። ሁለቱ አይመሳሰሉም። ቴሌግራም ተራውን ቻት የሚያስቀምጠው ራሱ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ስልኩ ቢጠፋም ቻቱ አይጠፋም። ዋትስአፕ ግን መልእክቱን ካደረሰ በኋላ ከሰርቨሩ ያጠፋዋል። እዛ የሚቆየው ገና ያልደረሰው ብቻ ነው፣ እሱም ቢበዛ ለ30 ቀን። ስለዚህ ያንተ ቻት የነበረው ስልክህ ውስጥ ነው፣ ደንበኛህ ስልክ ውስጥ ነው፣ ኮምፒውተር አያይዘህ ከነበረ ደግሞ እዛም አለ። የስልክህ ሄዷል። የቀሩት ሁለቱ ናቸው።

አናጢው

አዎ፣ ሥራ ቦታ ባለ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ነበር፣ ልኬቶችን ለማተም። በብራውዘር ሳይሆን ፕሮግራሙን ጭኜ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የከፈትኩት ከ9 ቀን በፊት ይመስለኛል። ግን ስልኩ ከጠፋ እሱም አይዘጋም እንዴ?

ሌሊት ወፍ

ተመስገን በል። ወዲያው አይዘጋም። ዋና ስልኩ ከ14 ቀን በላይ ሳይገናኝ ሲቀር ነው የተያያዙት መሣሪያዎች የሚወጡት። ስልክህ ከጠፋ 4 ቀኑ ከሆነ ወደ 10 ቀን ገደማ አለህ ማለት ነው፣ ግን እስከ መጨረሻው አትጠብቅ።

አደጋው ሌላ ነው። አሁን ዋትስአፕን ስልኩ ላይ ጭነህ ቁጥርህን ካስገባህ፣ እንደ አዲስ መመዝገብ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ከአካውንቱ ይወጣል። ሲወጣ ደግሞ እዛ የተቀመጠውን ቻት ይዞት ይሄዳል። «ጫነውና ታየዋለህ» የሚለውን ምክር ሰምተው ስንቱ የመጨረሻ ቅጂያቸውን በገዛ እጃቸው እንዳጠፉ አትጠይቀኝ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፤ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ፣ ከዛ ስልኩ።

ኮረንቲ

የኮምፒውተሩን ኢንተርኔት ቀድመህ ንቀለው! ከተገናኘ ወዲያው ያጠፋዋል።

ሌሊት ወፍ

ኮረንቲ ግማሹን ልክ ነህ። እሱ የሚሠራው ቁጥሩን ስልኩ ላይ አስገብቶ ለጨረሰ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ወሬውን ሳይሰማ ኔትወርኩን ነቅሎ መክፈት መሞከር ይቻላል፣ በብራውዘር ከሆነ ግን ገጹ ራሱ ላይከፈት ይችላል። የአናጢው ቁጥር ግን ገና አልተመዘገበም። ቢገናኝ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ኮምፒውተሩ ላይ ሳይወርዱ የቀሩ የቅርብ ጊዜ ፎቶዎችን የሚያወርደው ሲገናኝ ነው።

አናጢው፣ ስትከፍተው እንዲህ አድርግ። ቻቱን ክፈትና ወደ ላይ እየገፋህ የቻለውን ያህል እስኪጭን ጠብቅ። ከዛ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች በማውዝ ጎትተህ ምረጥና ኮፒ አድርገህ ወርድ ላይ ለጥፈው። ብዙ መልእክት አንድ ላይ ሲገለበጥ ሰዓቱ፣ ቀኑና የላኪው ስም በየመስመሩ ፊት ይመጣል፣ ላንተ የሚጠቅመውም እሱ ነው። ስክሪንሾትም አንሳ። ቮይስና ፎቶ ግን በጽሑፉ ውስጥ አብሮ አይመጣም፣ አንድ በአንድ ሴቭ ማድረግ አለብህ።

ድሮም ነበረ

ዋትስአፕ ሁልጊዜ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ራሱ ስልኩ ላይ ባክአፕ ያደርጋል እኮ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ፋይል ማናጀር ውስጥ ገብተህ ይሄን ፈልግ፦

```
Android/media/com.whatsapp/WhatsApp/Databases
```

msgstore ብሎ የሚጀምር ፋይል ካለ አልቋል፣ ሁሉም ይመለሳል።

ሌሊት ወፍ

ፋይሉ እውነት ነው፣ ሰዓቱም። ችግሩ የሚቀመጠው የስልኩ የራሱ ሜሞሪ ላይ መሆኑ ነው፣ ሪሴቱ ደግሞ እሱን ነው የጠረገው። ቀድሞ ኮምፒውተር ላይ ወይም ኤስዲ ካርድ ላይ የገለበጠው ሰው ነው የሚድነው። በነገራችን ላይ ኤስዲ ካርድ ካለህ ሪሴቱ በተለምዶ አይነካውም፣ እንደ ስልኩ ሜሞሪ ሆኖ ከተዋቀረ በስተቀር። አውጥተህ እየው፣ ፎቶ ሊኖር ይችላል።

ፀሐይ መውጫ

ሪሴት ከተደረገ በኋላ የድሮውን የጉግል አካውንት ይጠይቃል፣ ፓስወርዱን ከረሳህ ስልኩ አይከፈትልህም፣ እኔ ሁለት ቀን ተሠቃይቻለሁ።

አናጢው

አመሰግናለሁ ፀሐይ፣ ስልኩስ ተከፍቷል፣ የምፈልገው ቻቱን ነው። አንድ ልጅ ደግሞ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም አለኝ፣ ክፈለኝና ልሞክርልህ እያለኝ ነው። ይሠራል?

ሌሊት ወፍ

ገንዘብህን አትስጥ። በድሮ ስልኮች አንዳንዴ ይሠራ ነበር፤ የጠፋው ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ሜሞሪው ላይ ይቀር ስለነበር። አሁን ያሉት አንድሮይዶች ግን ሁሉንም ነገር ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት። ሪሴት ሲደረግ ቁልፉ ራሱ ይጠፋል። ከሜሞሪው የሆነ ነገር ተለቅሞ ቢገኝ እንኳ የማይፈታ ዝብርቅርቅ ነው። ፕሮግራሙ አሮጌ ፎቶ «አገኘሁ» ብሎ ካሳየህ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሪሴቱ በኋላ የተፈጠረ ነው። ደግሞ እነዚህ ሰዎች ስልኩን ሩት ካላደረግን ይሉሃል። ለዛ ቡትሎደሩ ሲከፈት ስልኩ እንደገና ይጠረጋል። ሁለት ጊዜ መጥረግ ምን ይረባል?

ኮረንቲ

ጉግል ላይ ባክአፕ መኖር አለመኖሩን ግን አረጋግጧል? «አድርጌ አላውቅም» የሚል ሰው ሁሉ ሳያውቀው አብርቶት ይገኛል።

ሌሊት ወፍ

ኮረንቲ ይሄኛው ጥሩ ነጥብ ነው። በኮምፒውተር drive.google.com ግባ፣ Storage፣ ከዛ Backups የሚለውን ክፈት። በምትጠቀምባቸው ኢሜይሎች ሁሉ፣ በአንዱ ብቻ አይደለም። ዋትስአፕ የሚል ካለ ቀኑን እይ። ካለ፣ ስትመዘገብ አፑ ልመልስልህ ወይ ሲል እንዳትዘለው። ዘለኸው ዝም ብለህ መጠቀም ከጀመርክ አዲሱ ባዶ ባክአፕ በአሮጌው ላይ ይጻፍበታል።

ወረቀትና ቀለም

እኔም እንዳንተው ነበር የሆንኩት፣ ግን ቴሌግራም ላይ። ሁሉም ይመለሳል ስለተባለ ዘና ብዬ ነበር። ከእህቴ ጋር ስናወራ የነበረው ሲክሬት ቻት ላይ ነበር፣ ያ አረንጓዴ ቁልፍ ያለበት። ሌላው ሁሉ መጣ፣ እሱ ግን ስሙም የለም፣ ዝርዝሩ ውስጥ ራሱ አይታይም። እህቴ ጋ ግን አለ። እሷ ወደኔ ፎርዋርድ ልታደርገው ሞከረች፣ አይፈቅድም። ሌላ መንገድ ካለ ንገሩኝ።

ሌሊት ወፍ

እህቴ፣ ወደ አንቺ ስልክ አይመለስም። ሲክሬት ቻት ሁለቱ ስልኮች ላይ ብቻ ነው ያለው። ጽሑፉን እሷ በእጇ ኮፒ አድርጋ ብትልክልሽ ነው። እሷም ስልኳን ሳታጸዳ በፊት ይሁን።

ሰላም በየቤቱ

እሺ ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ አናጢው 🙈 ሜሴንጀርስ? እሱ ፌስቡክ ላይ ስለሆነ አይጠፋም አይደል?

ሌሊት ወፍ

ድሮ እንደዛ ነበር። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የግል ቻቶችን በራሳቸው መቆለፍ ጀምረዋል፣ ስለዚህ አዲስ ስልክ ላይ ስትገቢ ያኔ ያወጣሽውን ፒን ሊጠይቅሽ ይችላል። ፒኑን ከረሳሽ በሌላ ቦታ ያልተዘጋ ሜሴንጀር መፈለግ ነው።

አናጢው

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ጉግል ድራይቭ ላይ በሁለቱም ኢሜይሌ ምንም የለም፣ ካርድም አልነበረኝም። ፕሮግራሙ ግን ተከፈተ! ቻቱ አለ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የገለበጥኩት። «ቁመቱ 2 ሜትር ከ10፣ ጥልቀቱ 55፣ መስታወት የለውም» ያለበት መልእክት ከነቀኑ ወርድ ላይ አለ። ልኬቱን በእጁ ስሎ የላከው ፎቶ ግን ብዥ ያለ ትንሽ ምስል ሆኖ ነው የሚታየው፣ ስጫነው አይወርድም። ከዛ ደግሞ መጀመሪያ ሥራውን ስንነጋገር የነበረው የለም፣ ወደ ላይ ስገፋው ይቆማል፣ ስልክህ ላይ እየው ዓይነት ነገር ይለኛል።

ሌሊት ወፍ

ያ የሚጠበቅ ነው። ኮምፒውተሩ ሲያያዝ ከስልኩ የወሰደው የተወሰነ ጊዜ ታሪክ ነው፣ ከዛ በፊት ያለውን ከስልኩ ነበር የሚጠይቀው፣ ስልኩ ደግሞ የሚመልሰው የለውም። ፎቶውም እንደዛው፣ ከሰርቨሩ ጊዜው ካለፈ ከስልክህ እንደገና እንዲላክ ይጠብቃል። እሱ ያለው አሁን ደንበኛህ ጋ ብቻ ነው።

አናጢው

እሱ ይሰጠኛል ብለህ ነው? የተጣላነው በሱ አይደል።

ሌሊት ወፍ

ያው መጠየቅ ነው። ክርክሩን ሳታነሳ «ስልኬ ተበላሽቶ ልኬቱ ጠፋብኝ፣ ፎቶውን ድጋሚ ላክልኝ» በለው። ሙሉውን ከፈለግክ፣ እሱ ቻታችሁ ውስጥ ሆኖ ሦስቱን ነጥብ፣ More፣ Export chat ቢል በጽሑፍ ፋይል ይወጣል፣ ያለ ፎቶ እስከ 40,000 መልእክት፣ ከነፎቶው 10,000። ፋይሉ መልሶ ዋትስአፕህ ውስጥ አይገባም፣ ማንበቢያ ብቻ ነው።

ሁሉንም ገልብጠህ ከጨረስክ፣ ፋይሉን ከፍተህ ካየኸው በኋላ፣ ያኔ ስልኩ ላይ መጫን ትችላለህ። ግሩፖችህ ውስጥ አሁንም አባል ነህ፣ የድሮው ጽሑፍ ግን አይኖርም። በነዚህ 4 ቀናት የተላከልህ አንዳንዱ «መልእክቱን በመጠበቅ ላይ» የሚል ሆኖ ይመጣል፤ ላኪው ስልኩን ሲከፍት ይስተካከላል፣ እንዳታጠፋው። ባለ 6 አሃዝ ፒን አውጥተህ ከነበረም ይጠይቅሃል።

አናጢው

ፒኑ ትዝ አይለኝም ወይኔ። ኢሜይልም ያስገባሁ አይመስለኝም።

ኮረንቲ

እንግዲህ 7 ቀን መጠበቅ ነው፣ እኔም ጠብቄያለሁ። ከዛ በኋላ ያለ ፒን ያስገባሃል።

አናጢው

እሺ። ለደንበኛው ቴሌግራም ላይ ጽፌለታለሁ፣ አይቶታል፣ አልመለሰም።