የስኮላርሺፕ ድርሰት መክፈቻ፦ ያቋረጥኩት ዓመት የት ይግባ?

ለማስተርስ ስኮላርሺፕ የምጽፈው ድርሰት በ500 ቃላት የተገደበ ነው፤ ለመክፈቻው አንቀጽ 100 መድቤያለሁ። የኤሌክትሪክ ምህንድስና ዲግሪዬንና የጥገና ሥራዬን፣ በገንዘብ እጦት አንድ ዓመት ትምህርት ማቋረጤን እና ዓላማዬን መያዝ አለበት።

የመጀመሪያው ረቂቅ «ከልጅነቴ ጀምሮ ምህንድስና እወድ ነበር» ይል ነበር። ማንም አመልካች ሊጽፈው ስለሚችል ጣልኩት። ሁለተኛውን በችግሩ ጀመርኩት፤ 70ው ቃል ስለ ገንዘብ ሆነና መሐንዲሱ ጠፋ፣ ዓላማውም መጨረሻ ላይ በአንዲት የጥድፊያ ዓረፍተ ነገር ቀረ።

የአሁኑ እንዲህ ይላል፦ «ደጋግሞ የሚቃጠል የውኃ ፓምፕ ሞተር እንድጠግን ተሰጠኝ። ሞተሩ እየሠራ መግቢያው ላይ ስለካ 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ 172 ሆኖ አገኘሁት፤ ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የረጅሙና የቀጭኑ ገመድ ነበር። ማጥናት የምፈልገውም ይህንኑ በማከፋፈያ መስመር ላይ የሚደርስ የቮልቴጅ መውደቅ ነው።»

ይህ ከሥራው ወደ ዓላማው በቀጥታ ይሻገራል። ግን ያቋረጥኩትን ዓመት መሃል ላይ ሳስገባው ክሩ ይበጠሳል፤ ሳወጣው ደግሞ ትራንስክሪፕቴ ላይ የሚታየው ክፍተት ማብራሪያ ያጣል።

ዓመቱን እዚሁ መክፈቻው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልጥቀሰው ወይስ ሙሉ በሙሉ ወደ ሁለተኛው አንቀጽ ላውርደው?