የእናቴ የቪዛ ፎቶ ላይ ጥላ እየወጣ ነው፤ ማታ ፎርሙን መላክ አለብኝ!

የሸዋበር ልጅ፦ ደሴ ነኝ። የእናቴን ፎቶ ሳሎን ውስጥ በስልክ እያነሳሁ ነው። ግድግዳው ነጭ ነው፣ ግን ከጭንቅላቷ ጀርባ ጥቁር ጥላ ይወጣል። ስጭነውም አይቀበልም። ቶሎ በሉ እባካችሁ!

ኮምቦልቻዊው፦ ልኩ ነው የተሳሳተው። የቪዛ ፎቶ 35 በ45 ሚሊ ሜትር ነው።

የሸዋበር ልጅ፦ የአሜሪካ ነው፣ ፎርሙ DS-160 ነው። ነጭ ሂጃብ ለብሳለች።

ሌንስ፦ 35 በ45 የአውሮፓው የሸንገን ቪዛ ነው። የአሜሪካው አራቱም ጎኑ እኩል ሆኖ ቢያንስ 600 በ600 ፒክሰል፣ JPEG፣ ከ240 ኪሎ ባይት ያልበለጠ ነው። የስልክ ፎቶ ሦስት አራት ሜጋ ባይት ስለሚሆን ነው የማይቀበልህ።

ጥላው የሚመጣው እናትህ ግድግዳውን ተጠግተው ስለቆሙ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ፊት ይምጡና ፊታቸውን ወደ መስኮት ያዙሩ። አንተ መስኮቱን ጀርባህ አድርገህ ቁም፤ ግን ብርሃኑን አትጋርድ። የጣሪያውን አምፖል አጥፋ፣ ከዓይናቸው ሥር ጥላ የሚጥለው እሱ ነው።

ዘሃራ፦ ፍላሽ አብራ፣ ጥላው ይጠፋል።

ሌንስ፦ አይጠፋም፣ ይጠቁራል እንጂ። ፊታቸውም ያብለጨልጫል።

ጦሳ፦ አብሽር፣ መብራት ሲሄድ ጥላውም አብሮ ይሄዳል 😂 ከምር ግን ጉም ያለበት ቀን ነው የሚሻለው፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው።

ሌንስ፦ ጦሳ ቀልዶም ልክ ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ ከገባ ስስ ነጭ መጋረጃ ዝጋበት። ሂጃቡን ግን በጥቁር ሰማያዊ ወይም በቡና ዓይነት ይቀይሩት፤ ነጭ በነጭ ላይ የራሳቸውን ቅርጽ ይውጠዋል። በሃይማኖት ምክንያት መሸፈን ይፈቀዳል፤ ከአገጭ እስከ ግንባር ፊታቸው ሙሉ ይታይ፣ ጨርቁም ጥላ አይጣልበት። መነጽር ካለ ይውለቅ።

በኋላው ካሜራ፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቀህ፣ በዓይናቸው ከፍታ አንሳ። ተጠግተህ ካነሳህ አፍንጫ ይተልቃል። ስትቆርጠው ከአገጭ እስከ አናት ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ ይሁን፤ 600 ላይ 350 ፒክሰል ያህል ጥሩ ነው።

ኑር፦ ፒያሳ ፎቶ ቤት እያለ ይህ ሁሉ ድካም ምንድን ነው? ባይጫንም ፎርሙን ልከህ፣ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የታተመ ይዘው ለቃለ መጠይቅ መሄድ ይቻላል።

ዘሃራ፦ የኔ ልጅ ሁለት ወሩ ነው፣ አልቀመጥ አለኝ። እሱንስ እንዴት ላንሳው?

ጦሳ፦ ነጭ አንሶላ ላይ አስተኝተሽ ከላይ አንሺው። አንሶላው ይተኮስ፣ እጅሽም አይታይ።

የሸዋበር ልጅ፦ ጀርባውን በአፕ ነጭ ባደርገውስ?

ሌንስ፦ አይሆንም፣ ፎቶ መነካካት ክልክል ነው። የሂጃቡን ጠርዝም እየበላ ያሳብቅብሃል። ወደ ኮምፒውተር በቴሌግራም የምትልከው ከሆነም File አድርገህ ላክ፤ እንደ ፎቶ ከላክኸው ጥራቱን ይቀንሰዋል።

ኑር፦ እና፣ ተጫነ?