ለዋይፋይ ራውተር የቱ ባትሪ ይሻላል? (ሐዋሳ)

ጠያቂዋ፦ ሰላም የሐዋሳ ልጆች። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፣ እኔ ደግሞ ማታ ማታ ነው የምሠራው። ሁለት ነገር አይቻለሁ። አንዷ ትንሽዬ ዩፒኤስ ናት፣ 10400 ሚሊአምፔር ይላል። ሌላው 12 ቮልት 7 አምፔር ድራይ ባትሪ ነው፣ 7000 ማለት ነው። የቱን ልግዛ?

ቤቲ አረብ ሰፈር፦ 10400 ይበልጣል፣ ምን ያጠያይቃል? ፒያሳ ያለው ደንበኛዬ ጋ ሂጂ። ሦስት ዓመት አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

የአቶቴው፦ ይቅርታ ቤቲ፣ ቁጥሮቹ አይወዳደሩም። የዩፒኤሷ 10400 የተቆጠረው በሊቲየም ሴል 3.7 ቮልት ነው፣ የድራይ ባትሪው ግን በ12። ሁለቱንም ወደ ዋት አወር ቀይሯቸው። 10.4 በ3.7 ሲባዛ 38.5 ይሆናል። 7 በ12 ደግሞ 84 ነው።

ናቲ፦ እኔም ተሸውጃለሁ! 20000 የተባለ ፓወር ባንክ ገዝቼ 5000 ስልኬን ሦስቴ ሞልቶ አለቀ። አራቴ መሆን ነበረበት። ሻጩን ብጠይቀው «ስልክህ ነው» አለኝ። ሁለተኛ እዚያ ሱቅ አልገባም።

ቤቲ አረብ ሰፈር፦ የእኔ ደንበኛ እንደዚያ አያደርግም።

ሳሚ፦ ቤቲ፣ ደንበኛሽ ቮልትም ይለውጣል እንዴ?

የአቶቴው፦ ተዉ እንጂ። ናቲ፣ ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ Rated capacity የሚል ፈልግ።

ናቲ፦ አገኘሁት። 12000mAh 5V ይላል።

የአቶቴው፦ 12 በ5 ስናባዛ 60 ዋት አወር ነው። ስልክህ 5 በ3.85፣ 19 ገደማ ነው። 60 ለ19 ሲካፈል ሦስት ጊዜ ይሆናል። ስለዚህ ስልክህ ደህና ነው፣ ፓወር ባንኩም ልክ የጻፈውን ሰጥቶሃል። 20000ው የውስጥ ሴሎቹ ቁጥር ነው። ወደ 5 ቮልት ሲወጣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ በሙቀት የሚባክንም አለ።

ሳሚ፦ እንግዲያ 84 ከ38 እጥፍ በላይ ነው። ድራይ ባትሪውን ግዢና ገላገይን።

የአቶቴው፦ አትቸኩል። ድራይ ባትሪ እስከ መጨረሻው ካሟጠጡት ቶሎ ይሞታል። ግማሹን ብቻ ብትጠቀሚ 42 ነው። ዩፒኤሷ ከ38.5ቱ ስታወጣ ትንሽ ታባክናለች፣ 33 ያህል በይው። ራውተርሽ 7 ዋት ቢበላ ዩፒኤሷ አራት ሰዓት ተኩል፣ ባትሪው ስድስት ሰዓት ይይዛሉ። ሰፊ ልዩነት አይደለም። ባትሪው ግን ቻርጀር ይፈልጋል፣ ሲሞላ ደግሞ ቮልቱ ወደ 14 ስለሚጠጋ ራውተሩን በቀጥታ እንዳትሰኪበት። መጀመሪያ አዳፕተሩን እዪው። 12V 1A ከሆነ ከፍተኛው 12 ዋት ነው፣ ራውተሩ ግን ብዙውን ጊዜ ያን ያህል አይጎትትም።

ጠያቂዋ፦ አዳፕተሩ 12V 1.5A ይላል። እኛ ሰፈር መብራቱ አንዳንዴ ሙሉ ሌሊት ነው የሚጠፋው።

ቤቲ አረብ ሰፈር፦ ደንበኛዬ ጋ ዛሬ ክፍት ነው፣ ካልሽ አብሬሽ እሄዳለሁ።