የተደራረቡ የሠንጠረዥ ፎቶዎችን እንዴት ላገናኝ?

ፒያሳ ያለው እድራችን የመዋጮ ሠንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጥፎት ነበር። ተራ ቁጥር የለውም፤ ግርጌው ላይ ግን «ጠቅላላ 212 አባል» ይላል። ከላይ ወደ ታች በ6 ፎቶ አነሳሁት። ሰው እንዳያመልጠኝ ብዬ በየመገጣጠሚያው 4 ወይም 5 መስመር አደራረብኩ። ፎቶዎቹን በስልኬ ወደ ጽሑፍ ቀይሬ በቅደም ተከተል ኤክሴል ላይ ስለጥፋቸው 235 መስመር ሆነ።

Remove Duplicates ስለው 209 ቀረ። ስመ ሞክሼ ሆነው እኩል 100 ብር የከፈሉ ጎረቤቶች እንደ አንድ ሰው ተቆጥረዋል። በአንዱ ፎቶ «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ» ተብሎ የተነበበው ደግሞ ሁለቴ ቀርቷል። የከፈለ ሰው ስሙ እንዲጠፋ በፍጹም አልፈልግም።

የአንዱን ፎቶ የመጨረሻ 5 መስመሮች ከቀጣዩ የመጀመሪያ 5 ጋር ብቻ አነጻጽሬ፣ መገጣጠሚያው ላይ የተደገመውን ብቻ የማጠፋው እንዴት ነው?