የትኬት ስም መቀየር ይፈቀድ ወይስ ይዘጋ?

ትዝታ፦ «የኮንሰርት ትኬት በስም ሲሸጥ፣ መምጣት ያልቻለ ሰው ለሌላ ሰው ያስተላልፍ ይባል ወይስ አይባል? ከተፈቀደስ ትኬት አየር ባየር የሚነግዱት በዚያው በር ተመልሰው አይገቡም?»

ጎበዜ፦ አይፈቀድ። አለቀ። ትኬቱ ላይ ያለው ስም መታወቂያህ ላይ ካለው ካልገጠመ ወደ ቤትህ። የሌላ ሰው ስም ያለበት ትኬት የሚገዛ ጅል የለም። የእንግሊዙ ግላስተንበሪ ፌስቲቫል ሰውን በፎቶ ነው የሚመዘግበው፤ ትኬቱም አይተላለፍም። ይኸው ሰው ይጎርፋል።

ሰላም፦ ጎበዜ፣ እኔ ጋ የሆነውን ልንገርህ። ለአራት እህትማማቾች አራት ትኬት ገዛሁ። ሁለት ቀን ሲቀረው ታናሿ ትርፍ አንጀት ተብላ ተኛች። ስም መቀየር የለም፣ ገንዘብ መመለስም የለም። ያክስታችን ልጅ ልትመጣ ለብሳ ተዘጋጅታ ነበር። ባዶ ወንበር መሃላችን አስቀምጠን አመሸን። ቦርሳችንን አደረግንበት። እኔ የትኛው አየር ባየር ነጋዴ ነኝ?

የበሩ ልጅ፦ ዘጠኝ ዓመት በር ላይም ትኬት ክፍልም ሠርቻለሁ፣ ትንሽ ልጨምር። ጎበዜ፣ ግላስተንበሪን ግማሹን ነው የተናገርከው። እዚያ መምጣት ያልቻለ ሰው እስከተወሰነ ቀን ድረስ ትኬቱን ለአዘጋጁ ይመልሳል፤ አዘጋጁ ራሱ መልሶ ይሸጠዋል። ማስተላለፉን ዘጋ እንጂ መመለሻውን አልዘጋም።

ሁሉንም ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ነጋዴው ስም መቀየር ሲያቅተው አካውንቱን ከነኢሜይሉና ከነይለፍ ቃሉ ይሸጣል። ሲስተሙ ላይ ምንም የተቀየረ ነገር አይታይም። በር ላይ የምታየው ስልኩን ሰጥቶህ «ስምህ ማን ነው?» ስትለው አንድ ሰከንድ የሚያስብ ሰው ነው።

ትዝታ፦ እና ይፈቀድ ነው የምትለው?

የበሩ ልጅ፦ ሁለት ነገር ተደባልቆብናል። አንደኛው «ለማውቀው ሰው ልስጥ» ነው። ሁለተኛው «ማንም ይግባበት፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ» ነው። ነጋዴው የሚኖረው ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ነው። ገዢውን ራሱ ይመርጣል፣ ገንዘቡንም ራሱ ይቀበላል። ሲስተሙ «ከመጀመሪያው ዋጋ በላይ አይሸጥም» ቢል ለይምሰል ነው። ጭማሪው በጎን በስልክ ይላካል፤ ማን ያያል?

ስለዚህ ሁለቱን መለየት ነው። ገንዘቡን የሚፈልግ ትኬቱን ይመልስ፤ ማን እንደሚወስደው ግን እሱ አይምረጥ። ሰውየውን መምረጥ የሚፈልግ ደግሞ ይምረጥ፣ ነገር ግን በጣም ጠባብ በሆነ መንገድ።

አባ ቁጥር፦ ጠባብ ማለት ስንት? ነጋዴው ሃምሳ አካውንት ከፍቶ ከእያንዳንዱ አንዳንድ ስም ቢቀይርስ? መመለሱም ቢሆን ቀልድ ነው። እኔ «መልስ» ስነካ ጓደኛዬ ያኔውኑ «ግዛ» ይነካል። ተመለሰ ተብሎ እኛው ጋ ነው ያለው።

የበሩ ልጅ፦ ሁለተኛው እውነት ነው፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ትኬት ይመለሳል፣ ወዲያው ይገዛል። ያ አጋጣሚ አይደለም። መድኃኒቱ የተመለሰውን ቶሎ አለመልቀቅ ነው። ይከማች፤ ከዚያ ቀድመው በስማቸው ለተመዘገቡ ተጠባባቂዎች በዕጣ ይከፋፈል። መላሹ ማን እንደሚደርሰው ካላወቀ በጎን የሚቀበለው ሰው የለውም።

ለሃምሳው አካውንት ደግሞ፣ የገዢው የራሱ ስም እንደ ምስማር ይመታ። አራት ትኬት ከገዛህ የሦስቱን እንግዶች ስም መቀየር ትችላለህ፤ ያንተ ግን አይነቀልም። አንተ ካልገባህ እነሱም አይገቡም። የሰላም ጉዳይ እዚህ ያልቃል፤ የታናሿን ስም አንስታ ያክስቷን ልጅ ትጽፋለች። ሃምሳ አካውንት ያለው ነጋዴ ግን ሃምሳ ጊዜ በአካል መግባት አለበት።

አባ ቁጥር፦ ሦስት ደንበኛ ይዞ በየበሩ ቢሸኝስ?

የበሩ ልጅ፦ ያደርጉታል። «ጥግ ላይ ጠብቁኝ» ብለው ይቀጥራሉ። ግን አንድ ሰው አንድ ምሽት አንዴ ነው የሚገባው። ቢዝነሱ ያንሳል እንጂ አይጠፋም።

ደራሽ፦ ለምን ታካብዳላችሁ? እኔ የአውሮፕላን ትኬት ላይ ስሜ አንድ ፊደል ተሳስቶ ደወልኩ፣ በአምስት ደቂቃ አስተካከሉልኝ።

ትዝታ፦ ወንድሜ፣ ያ ማስተካከል ነው። እኛ የምናወራው ሰውየው ራሱ ሲቀየር ነው።

የበሩ ልጅ፦ ግን ደራሽ ሳያውቀው ጥሩ ነገር አነሳ። ፊደል ማስተካከል ከስም ቅያሪ ኮታ መቀነስ የለበትም። ችግሩ አንዳንዱ ዛሬ ሁለት ፊደል፣ ነገ ሦስት ፊደል እያለ ሌላ ሰው ይሠራልሃል። ንጽጽሩ መሆን ያለበት ከትናንቱ ስም ጋር ሳይሆን መጀመሪያ ከተጻፈው ጋር ነው።

ጎበዜ፦ እሺ፣ ስም ቢቀየርም አሮጌው ባርኮድ ሰውየው ስልክ ላይ አለ አይደል? ስክሪንሾት ይዞ ቢመጣስ?

የበሩ ልጅ፦ ስሙ ሲቀየር አሮጌው ኮድ መሞት፣ አዲስ መውጣት አለበት። ምስሉን ብቻ ከላክህ ኮዱ ሁለታችሁም ጋ አለ፤ የቀደመ ይገባል፣ የዘገየ ያለቅሳል። ማሽኑም «ገብቷል» እና «ተሰርዟል» የሚሉትን ለይቶ ማሳየት አለበት። «ገብቷል» ካለ አንድ ኮድ ለሁለት ተሽጧል ማለት ነው። «ተሰርዟል» ካለ አስተላልፎ ሲያበቃ በአሮጌው ሊገባ የመጣ ነው። በደፈናው ቀይ መብራት ብቻ ከበራ በር ላይ ያለው ልጅ ተበዳዩንም አጭበርባሪውንም እኩል ያባርራል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ብዙ ማሽኖች ኔትወርክ ሲጠፋ ቀደም ብለው በጫኑት ዝርዝር ነው የሚሠሩት። በር ሊከፈት አሥር ደቂቃ ሲቀረው የተቀየረ ስም እዚያ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ቅያሪው ጥቂት ሰዓት ቀድሞ ይዘጋ።

አባ ቁጥር፦ የመታወቂያውን ሂሳብ እኔ ልሥራ። 12,000 ሰው በ20 በር ቢገባ በአንድ በር 600 ነው። ለእያንዳንዱ 8 ሰከንድ ብትጨምር 4,800 ሰከንድ፣ 80 ደቂቃ ሰልፍ። ዋናውን ገዢ ብቻ ካየህና በአማካይ ሦስት ሦስት ሆነው ከመጡ 200 መታወቂያ ነው፤ 27 ደቂቃ ገደማ። እሺ፣ ምስማሩን ተቀብያለሁ።

ጎበዜ፦ ለምን በሕግ አይቀጡም? ጃፓን ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከዋጋ በላይ እየደጋገመ የሚሸጥን እስከ አንድ ዓመት ታስራለች፤ እስከ 1 ሚሊዮን የን ትቀጣለች።

የበሩ ልጅ፦ አዎ፣ ግን ሕጉ የሚሠራው አዘጋጁ ሲሸጥ የገዢውን ስምና አድራሻ ከያዘ፣ ትኬቱም ላይ ያለፈቃድ መሸጥ ክልክል ነው ብሎ ከጻፈ ነው። መዝገቡን ካልያዝክ ሕጉም አይደርስልህም።

ሰላም፦ እኔን ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። የታመመችው እህቴ ባትሆን፣ እኔው ገዢዋ ብሆንስ? ያውም በዕለቱ፣ አምስት ሰዓት ሲቀረው? የኔ ስም አይነቀልም፣ ዕጣውም አልቋል። ሦስቱ እህቶቼም በኔ ምክንያት ቤት ሊቀሩ ነው?

የበሩ ልጅ፦ እዚህ ጋ ነው የምንጣላው። እኔ በር ላይ አንድ ኃላፊ በራሱ ውሳኔ ያስገባ ባይ ነኝ። አለቃዬ አይስማማም ነበር። አንድ ምሽት አሥራ አንድ የሐኪም ወረቀት መጣልን፣ ስድስቱ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነበር።

ጎበዜ፦ ይኸው! አልኩህ!

ሰላም፦ አምስቱስ?