መሬት አይሸሽም?

ወሰን፦ ቤት የሠራ ሰው ለምን ይቀጣል? የንብረት ታክሱ ከሕንፃው ላይ ይነሣና መሬቱ ላይ ብቻ ይጣል። መሬት አይሸሽም!

የጉለሌው፦ አይሸሽም አልክ? እናቴ ትሸሻለቻ! 200 ካሬ ላይ ያላት የጭቃ ቤት ነው፣ ቆርቆሮው ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል። ጎረቤቷ ጂ ፕላስ ቱ ሠርቷል። እኩል ይክፈሉ ነው የምትለው?

ወሰን፦ የእናትህን ቤት ትተህ ማዶ በቆርቆሮ የታጠረውን እይ። ዓመታት ሙሉ ጎመን ይበቅልበታል፤ ሰውዬው ዋጋ እስኪንር ነው የሚጠብቀው። ጣሪያም ግድግዳም ስለሌለው የጣሪያና ግድግዳ ግብር ነክቶት አያውቅም።

ባለ ሊዙ፦ እኔ በየዓመቱ ሊዝ እከፍላለሁ። መሬት የመንግሥት ነው ከተባለ የምን ግብር ነው ደግሞ? ተከራይ ኪራይም የቤት ግብርም ይክፈል?

ቀያሽ፦ አዋጁን ያየው ያለ አይመስልም። 1365/2017 ሁለቱንም ይዟል፤ ለመሬት መጠቀሚያ መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ። በዝቅተኛው እናስላው። ግብር የሚታሰብበት የመሬት ዋጋ ለሦስቱም 1 ሚሊዮን ብር ይሁን፤ የጭቃ ቤቱ 50 ሺህ፣ ፎቁ 3 ሚሊዮን። እናት 2,050፣ ባለፎቁ 5,000፣ ባለጎመኑ 2,000 ይከፍላሉ። ድምሩ 9,050 ነው። ያንኑ ከመሬት ብቻ ሰብስቡ ቢባል እያንዳንዳቸው ወደ 3,017 ይደርሳቸዋል።

የጉለሌው፦ ይኸው! ለባለጎመኑ የተወረወረው ድንጋይ እናቴን መታ፣ ባለፎቁ ደግሞ ሁለት ሺህ ተረፈው።

ወሰን፦ ባለፎቁ ለሃያ ሰው ቤት አከራይቷል እኮ። አንድ ፎቅ ልጨምር ቢል ግብሩ ይጨምርበታል። ባለጎመኑን ዝም እያልን የሚሠራውን እናስከፍላለን።

ቀያሽ፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን በዓመት ሺህ ብር ቆርቆሮ አያስነቅልም። ባለጎመኑን የሚያንቀሳቅስ መጠን ከጣልክ እናትየውንም ያንቀሳቅሳል።

ሚሚ ከፔንሲልቬኒያ፦ እዚህ ፒትስበርግ መሬቱን ከሕንፃው አብልጦ ሲያስከፍል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ተወው። መሬቱ እንደ አዲስ ሲገመት የብዙ ሰው ቢል ዘለለ፣ ሰዉ ጮኸ።

ቀያሽ፦ የእኛም ጣጣ እዚያው ነው። ቤት በሲሚንቶና በብረት ይገመታል። ከሥሩ ያለውን መሬት ግን ለብቻው የሚሸጥ የለም። በሊዝ ጨረታ እንገምት ካላችሁ፣ አንድ ያበደ ተጫራች የሰጠው ዋጋ የሰፈሩ ሁሉ ዋጋ ሊሆን ነው።

ወሰን፦ ለአቅመ ደካማ ይቆይላቸው፣ ቤቱ ሲሸጥ ይከፈል።

የጉለሌው፦ ሲሸጥ? እናቴ አትሸጥም። ስትሞት እኔ ልክፈለው ነው?

ወሰን፦ መሬቱን የምትወርሰው አንተ አይደለህ?

የጉለሌው፦ አሁን ገባኝ! አይሸሽም ያልከው እኔን ነው።

ባለ ሊዙ፦ የሊዙን ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰልኝም።