ፕሮባዮቲክ የሚል እርጎ፦ ፍሪጅና እሳት ሲነካው ባክቴሪያው ይተርፋል?

የናቲ እናት (አዳማ)፦
ሰላም ቤተሰብ። የአራት ዓመት ልጄ ለጆሮ ሕመም አሞክሳሲሊን ታዞለት ሆዱ ላላ አለ። ጎረቤቴ «ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለሆድ የሚጠቅም ሕያው ባክቴሪያ፣ ያለው እርጎ ስጪው» አለችኝ። ሱፐርማርኬት ሄጄ ሁለት ዓይነት ገዛሁ። አንዱ ከፍሪጅ የወጣ ነው። ሌላው ከብስኩቱ ጎን መደርደሪያ ላይ የነበረ። ሁለቱም ላይ ፕሮባዮቲክ ይላል። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ መብራትም ይሄዳል። ልጁ ደግሞ እርጎ የሚበላው ትኩስ ገንፎ ላይ ሲፈስለት ብቻ ነው። ባክቴሪያው በሕይወት ሆዱ ይደርሳል? የተጻፈውንስ ልመነው?

ጋሽ ታዬ፦
ልጄ፣ ፍሪጅ ውስጥ የገባ ነገር ባክቴሪያው አለቀለት። ፍሪጅ የተሠራው ለዚያ አይደል? እናቶቻችን በወይራ በታጠነ ቅል የሚያረጉት እርጎ ነው መድኃኒቱ። ይበልጥ ሲኮመጥጥ ደግሞ ይበልጥ ሕይወት አለው ማለት ነው። የፋብሪካውን ተይው።

የወተት ላብ፦
ወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ላይ ነው የምሠራው። ጋሼ፣ ፍሪጅ አይገድልም፣ ያስተኛል እንጂ። እርጎ የሚያረጉት ሁለቱ ባክቴሪያዎች፣ ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስና ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ፣ ተመችቷቸው የሚሠሩት ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ነው። 4 ዲግሪ ላይ ሥራቸውን ሊያቆሙ ምንም አይቀራቸውም። ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያሉ ቁጥራቸው ይቀንሳል።

መኮምጠጡን በተመለከተ ግማሹ ልክ ነው። አሲዱን የሠሩት ባክቴሪያዎቹ ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ በሕይወት እንደነበሩ ያሳያል። ግን እነሱ ከሞቱም በኋላ አሲዱ እዚያው ይቀራል። እንዲያውም አሲዱ ራሱ ነው ቀስ በቀስ የሚጨርሳቸው። ቢፊዶባክቴሪየም የሚባለው ጨምሮ የሚገባው ዓይነት ደግሞ ለአሲድም ለአየርም ስስ ነው፣ ቀድሞ የሚረግፈው እሱ ነው። በጣም የኮመጠጠ አሮጌ እርጎ ብዙ ሕያው ባክቴሪያ አለው ማለት አይደለም።

የናቲ እናት፣ መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢሄድ እነዚህ ባክቴሪያዎች አይሞቱም። ሙቀት ሲያገኙ ነቅተው ያኮመጥጡታል። የሚያሰጋው ሌላ ነገር አብሮ እንዳያድግ ነው። የፕላስቲኩ ክዳን ተነፍቶ ካገኘሽው እርሾ መሰል ፈንገስ ገብቶ ጋዝ ሠርቷል፣ ጣይው። ከላይ የሚንሳፈፈው ቢጫማ ውሃ ግን ምንም አይደለም፣ አማስለሽ መልሺው።

አሁን መደርደሪያ ላይ ወደነበረው። ያለ ፍሪጅ ለወራት የሚቀመጥ እርጎ ከረጋ በኋላ እንደገና ሞቋል። ካልሞቀ እዚያ መቆየት አይችልም። በደቃቁ ጽሑፍ «ከረጋ በኋላ በሙቀት የታከመ» ወይም እንዲህ የሚመስል ነገር ፈልጊ። የእርጎው ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ ሞቷል ማለት ነው። ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ግን አለ።

ሚጡ ዘፍራንኮ፦
እኔ ደግሞ የሰማሁት እንጀራም ፕሮባዮቲክ ነው። የሊጡ እርሾ ውስጥ ያው የወተት ባክቴሪያ ዘመድ አለ አይደል? ታዲያ እርጎ ለምን እንገዛለን? 😀

የወተት ላብ፦
ሚጡ፣ ሊጡ ውስጥ አለ፣ ልክ ነሽ። ምጣድ ላይ ዓይን ሲያወጣ ግን ያልቃል። የገንፎውም ነገር እንደዚያው ነው። አዳማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከድስት የወጣ ገንፎ ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ በተለይ መሐሉ። የእርጎ ባክቴሪያ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ይረግፋል፤ ቴርሞፊለሱ ትንሽ ይጠናል እንጂ እሱም አይችለውም። መሐሉን ጎድጉደሽ እርጎውን እዚያ ብታፈሺው በቅቤ ቦታ ተቀቀለ ማለት ነው። ገንፎውን ሳህን ላይ ዘርጊው። ጣትሽን ስትከቺ ካላቃጠለሽ ያን ጊዜ እርጎውን ዳር ዳሩ ላይ አፍሺው። ለልጁም ምላስ የሚሻለው ይኼ ነው። ወጥ ውስጥ ገብቶ የፈላ እርጎ ግን ለጣዕም እንጂ ለባክቴሪያ አትቁጠሪው።

ፍሪዘር ላስቀምጥ ለምትሉ፦ ጥቂቱ ይሞታል፣ ብዙው ይተርፋል። ሲቀልጥ ግን ውሃና እርጎው ይለያያል፣ ልጅ አይወደውም።

ሲስተር ቤዛ፦
የናቲ እናት፣ መጀመሪያ ልጁ። አንቲባዮቲኩን በራስሽ አታቋርጪ። ORS ስጪው፣ ምግብም አትከልክዪው። ደም ከታየ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንት ከቀነሰ ወይም ከደከመብሽ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ እርጎ አትጠብቂ። አሞክሳሲሊን ከእርጎ ጋር አይጣላም። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ግን ከወተት ተዋጽኦ ጋር አብረው ሲወሰዱ ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይይዘዋል፤ እነሱን የምትወስዱ ሰዓት ለዩ።

ስለ ጽሑፉ፦ ፕሮባዮቲክ የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርሽም። የእኛ ሰው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ሲጠራ ነው የሚለየው፣ አይደል? ባክቴሪያም እንደዚያው ነው። አንቲባዮቲክ ለሚያመጣው ተቅማጥ ጥሩ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ ነው። ያ «ጂጂ» የአያት ስሙ ነው። «ላክቶባሲለስ» ብቻ ብሎ የሚያቆም ዕቃ ማን እንዳለበት አልነገረሽም። የአንዱ ጥናት ለሌላው አይሠራም።

የወተት ላብ፦
ሲስተር ጨርሳዋለች፣ ቁጥሩን ልጨምር። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የእርጎው መነሻ ባክቴሪያ በአንድ ግራም ቢያንስ 10 ሚሊዮን እንዲሆን ይጠይቃል። ከዚያ በተጨማሪ ስሙ የተጻፈ ባክቴሪያ ካለ ደግሞ ቢያንስ 1 ሚሊዮን። ይህ እስከ ማብቂያው ቀን ድረስ ነው። አሁን አስሊው። 150 ግራም ኩባያ ላይ የተጻፈው ባክቴሪያ ትንሹን ብቻ ቢያሟላ 150 ሚሊዮን ነው። ጥቅም ያሳዩት ጥናቶች የሚሰጡት ብዙ ጊዜ በቀን በቢሊዮን የሚቆጠር ነው። ሕጉን አሟልቶ ለጥቅሙ ሊያንስ ይችላል። «በተመረተ ጊዜ ይህን ያህል» የሚልን ከ«እስከ ማብቂያው ቀን ይህን ያህል» ለዪ። የመጀመሪያው ከፋብሪካ ስለወጣበት ቀን ነው የሚነግርሽ።

የአውሮፓ ኅብረት የፈቀደው አንድ ነገር አለ። ሕያው የእርጎ ባክቴሪያ በግራም 100 ሚሊዮን ከሆነ ወተት የማይስማማቸው ሰዎች የእርጎውን ላክቶስ እንዲፈጩ ይረዳል የሚል ነው። ለዚያ የአያት ስም አያስፈልግም፣ ተራ እርጎ ይበቃል፣ ካልሞቀ።

የናቲ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። የመደርደሪያው ላይ በእርግጥ «ከረጋ በኋላ የሞቀ» ይላል፣ በጣም በደቃቁ። ፕሮባዮቲኩ ከፊት በትልቁ ነው! የፍሪጁ ግን አሲዶፊለስና ቢፊዶ ይላል፣ የአያት ስም የለውም፣ ቁጥርም የለውም። ቤት ውስጥ በሕይወት መኖራቸውን ማወቅ ይቻላል?

የወተት ላብ፦
ይቻላል፣ በግማሹ። የታሸገ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ወተት ግዢ። አሙቀሽ ጣትሽን ከትተሽ ቀስ ብለሽ እስከ አሥር መቁጠር እስክትችዪ ድረስ አብርጂው፣ ያ 43 ዲግሪ ገደማ ነው። በፈላ ውሃ ያጠብሻቸው ሦስት ብርጭቆዎች ላይ አካፍዪው። አንዱ ውስጥ ከፍሪጁ እርጎ አንድ ማንኪያ፣ አንዱ ውስጥ ከመደርደሪያው፣ ሦስተኛውን ምንም አትጨምሪበት። ሸፍነሽ በብርድ ልብስ ጠቅልዪና ከ6 እስከ 8 ሰዓት አትነካኪው። ሦስተኛው ብርጭቆ ዋናው ነው። እሱ ከረጋ ያረጋው ሌላ ባክቴሪያ ነው፣ ሙከራው አይቆጠርም።

የናቲ እናት፦
ሠራሁት። የፍሪጁ ብርጭቆውን ባዘነብለው ከዳር እንደ ሙሉ ቁራጭ ለቀቀ፣ ጥሩ ረግቷል። የመደርደሪያው ወተት እንደሆነ ቀረ፣ ትንሽ ወፈር ብሎ ብቻ። ባዶውም ወተት ነው።

ሚጡ ዘፍራንኮ፦
እኔም ሞከርኩ፣ ግን ከሰፈር ባመጣሁት ወተት። አንዱም አልረጋም! የፍሪጁም ጭምር።

የወተት ላብ፦
ሚጡ፣ እርጎውን አትክሰሽ ገና። ላሟ ለጡት ሕመም ፔኒሲሊን ከተወጋች ቅሪቱ ወተቱ ውስጥ ይወጣል፣ ማፍላትም አያጠፋውም። ቴርሞፊለስ ለእሱ በጣም ስስ ነው፣ ወተቱ አይረጋም። ለዚያ ነው የታሸገ ያልኩት። በዚያው የፍሪጅ እርጎ በታሸገ ወተት ድገሚው፤ ያን ጊዜ ከረጋ ችግሩ የሰፈሩ ወተት ነው።

የናቲ እናት፣ የረጋው የነገረሽ የእርጎው ባክቴሪያ ሕያው መሆኑን ነው። አሲዶፊለሱና ቢፊዶው አሉ ወይ ለሚለው መልስ አይሆንም፤ እነሱ ባይኖሩም ይረጋል። እሱን ላብ ብቻ ነው የሚቆጥረው። በተቃራኒው ደግሞ ሙቀት የሚችል ባሲለስ ኮአጉላንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ በሞቀ ምግብም ውስጥ ይገባል፣ ወተት ግን በዚህ ሙከራ ላያረጋልሽ ይችላል። የመደርደሪያው ላይ ያ ስም ካልተጻፈ ግን ፕሮባዮቲክ ያለበት ምክንያት አይገባኝም።

ጋሽ ታዬ፦
እሺ፣ ፍሪጁን ተቀበልኩ። የእናቴን እርጎ ግን አልተውም። አይብስ? አሬራውን ሲያሞቁት አይደል የሚወጣው?

የወተት ላብ፦
ጋሼ፣ አይብ እንደ ሰሪው እጅ ነው። ለብ ብሎ ቀስ እያለ የወጣ ውስጥ የሚተርፍ ይኖራል፣ ብዙ ከተቀቀለ የለም። እርጎውን ግን ያልፈላ ወተት እያረጉ ከሆነ፣ ብሩሴላ የሚባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ መኮምጠጥ ብቻውን አያጠፋውም። ወተቱን ያፍሉት፣ ሲቀዘቅዝ ከትናንቱ እርጎ አንድ ማንኪያ ጣል ያድርጉበት። ጭሱን እንደፈለጉ።

ሲስተር ቤዛ፦
በዚህ አይብ ላይ አልስማማም፣ በእጅ የሚያልፍ ነገር ስለሆነ ለታመመ ሕፃን አልሰጥም። የናቲ እናት፣ ሆዱስ እንዴት ነው?

የናቲ እናት፦
ዛሬ ሻል ብሎታል። እርጎው ይሁን ORSው ወይም ቀኑ ደርሶ አላውቅም። ገንፎውን ዘርግቼ አበርድለታለሁ፣ የመደርደሪያውን እርጎ ለእኔ ቁርስ አድርጌዋለሁ።